ቴሌግራም እየሠራ ድረ ገጽ አልከፍት ሲል፦ የአንድ የቱሉ ዲምቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ጉዳይ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ካሉት ሱቆች በአንዱ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የምታነሣ፣ ደብዳቤ የምትጽፍና ለሰው የኢንተርኔት ፎርም የምትሞላ ነጋዴ አለች። በሱቁ ውስጥ ሦስት ኮምፒዩተሮች፣ ሁለት ፕሪንተሮችና ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለ አንድ ራውተር ይገኛሉ፤ ራውተሩን እሷም ሆነች ረዳቷ «ሞደሙ» ይሉታል። እኔ የቢሮ ኔትወርክ በመዘርጋትና በመጠገን የምተዳደር የሰፈሩ ነዋሪ ስሆን፣ ያን ዕለት ወደ ሱቁ የገባሁት መታወቂያዬን ኮፒ ላስነሣ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ የፓስፖርት ማመልከቻ የሚያስሞሉ አራት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቁ ነበር፤ ረዳቱ ደግሞ ወንበር ላይ ቆሞ የሞደሙን ገመድ ሊነቅል እጁን ዘርግቶ ነበር።

«አትንቀለው፣ አንድ አሥር ደቂቃ ስጠኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ በዚሁ ነው የሚሠራው» አለ፤ ገመዱን ግን ለቀቀው።

እንዲቆይ የጠየቅሁት እውነቱን ስለ ነበር ነው። ነቅሎ መሰካቱ በእርግጥ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን በሠራ ቁጥር የብልሽቱን ምልክት አብሮ ያጠፋው ስለ ነበር፣ ለወራት ያህል በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ችግር በሕመሙ ሰዓት ያየው ሰው አልነበረም። ባለቤቷ ጥፋቱን በኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ጥላ ነበር፤ ለዚህም ማስረጃ የምትለው ነገር ነበራት። ከሦስቱ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ አንድ ዘመዷ የዲኤንኤስ አድራሻውን፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጠውን ሰርቨር አድራሻ፣ ወደ ጉግሉ 8.8.8.8 ቀይሮላት፣ ከዚያ ወዲህ ያ አንዱ ኮምፒዩተር አስቸግሯት አያውቅም። «የእነሱ ዲኤንኤስ ነው የሞተው፤ የጉግልን ስናስገባ ይሠራል» የሚለው መደምደሚያ ከዚያ የመጣ ነው። መደምደሚያው የተሳሳተ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ስሕተቱ ግን በጣም የተለመደና በቀላሉ የሚያሳምን በመሆኑ፣ ይህን ጉዳይ በዝርዝር ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

በዋናው ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስ የችግር መመርመሪያ የሰጠው መልእክት እንዲህ ይል ነበር፦

```
Your computer appears to be correctly configured, but the
device or resource (DNS server) is not responding
```

መልእክቱ «ኮምፒዩተርህ በትክክል የተስተካከለ ይመስላል፤ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ ግን አይመልስም» ማለቱ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር የሚናገረው ኮምፒዩተሩ የስም ጥያቄ ልኮ መልስ እንዳጣ ብቻ እንጂ፣ መልሱ በየት በኩል እንደ ጠፋ አይደለም። ድረ ገጽ ስንከፍት ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጥለት አካል መጠየቅ አለበት፤ በእንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ ጥያቄው መጀመሪያ የሚደርሰው ራውተሩ ጋ ነው። ራውተሩ ራሱ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ጥያቄውን ተቀብሎ ለአቅራቢው ሪዞልቨር፣ ማለትም ስሙን ከሥር መሠረቱ ፈልጎ መልስ ለሚያመጣው ሰርቨር ያስተላልፋል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። እንግዲህ መልስ ሲጠፋ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ አላላኪው ራውተር፣ መላሹ ሪዞልቨር፣ ወይም በመካከላቸው ያለው መስመር። የዊንዶውሱ መልእክት ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነው፤ መስመሩ ጭራሽ ተቆርጦ እንኳ ቢሆን «የዲኤንኤስ ሰርቨሩ አይመልስም» ሊል ይችላል።

ምንም ትእዛዝ ሳልጽፍ ሁለት ነገሮች አየሁ። አንደኛው፣ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ድረ ገጽ አልከፍት እያለ ቴሌግራም ያለ ችግር መልእክት ይልክና ይቀበል ነበር። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን የቁጥር አድራሻ በራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር ለመገናኘት ስም የሚፈታለት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ እሱ እየሠራ ድረ ገጽ እምቢ ካለ መስመሩ ደህና ነው፣ የጠፋው የስም መልስ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ሁለተኛው፣ የረዳቱ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆኖ ማንኛውንም ድረ ገጽ ይከፍት ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ሳየው በአንድሮይዱ የ`Private DNS` ቦታ ላይ `dns.google` ተጽፎበት አገኘሁ፤ ማን እንደ ጻፈው እሱም አያስታውስም። ስልኩ የስም ጥያቄዎቹን ምስጢራዊ አድርጎ፣ ራውተሩን ሳይጠይቅ፣ በቀጥታ ወደ ውጭ እየላከ ነበር ማለት ነው።

ክሮምም ከዊንዶውሱ የተሻለ ነገር ተናግሯል፤ ብዙ ሰው ግን አያነበውም። ከገጹ ግርጌ በደብዛዛ ፊደል የተጻፈው ኮድ `DNS_PROBE_FINISHED_BAD_CONFIG` ነበር። ክሮም የስም መልስ ሲያጣ ዝም ብሎ ተስፋ አይቆርጥም፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ወደ ተመዘገበው ዲኤንኤስና ወደ ጉግል የሕዝብ ዲኤንኤስ የሙከራ ጥያቄዎችን ልኮ ያነጻጽራል። የተመዘገበው ከመለሰ፣ የተፈለገው ስም በእርግጥ የለም ብሎ `NXDOMAIN` የሚል ኮድ ያወጣል። ሁለቱም ዝም ካሉ `NO_INTERNET` ይላል። የተመዘገበው ዝም ብሎ የጉግሉ ከመለሰ ነው `BAD_CONFIG` የሚለው። እንግዲህ በዚያች ደቂቃ መስመሩ ደህና እንደ ሆነና ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው ሰርቨር ብቻ ዝም እንዳለ ብራውዘሩ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ደንበኛ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ስልክ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የማስነብበው ይህችኑ መስመር ነው።

ቀጥሎ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቼ ሦስት ነገሮችን በየተራ ሞከርኩ። ወደ 8.8.8.8 ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም «አለህ?» የሚሉ አራት አጫጭር ጥያቄዎች ስልክ፣ አራቱም መልሶች መጡ፤ መስመሩ ደህና ነው። ወደ ራውተሩ፣ ማለትም ወደ 192.168.1.1 ፒንግ ሳደርግም በአንድ ሚሊ ሰከንድ መለሰ፤ ራውተሩ በሕይወት አለ። ከዚያ ስም ጠየቅኩ፦

```
C:\>nslookup example.com
DNS request timed out.
    timeout was 2 seconds.
Server:  UnKnown
Address:  192.168.1.1
*** Request to UnKnown timed-out
```

ጥያቄው የሄደው ወደ 192.168.1.1 ነው፤ ፒንግ የሚመልሰው ያው ራውተር ለስም ጥያቄ ዝም አለ። ያንኑ ትእዛዝ መጨረሻው ላይ 8.8.8.8 ጨምሬ ስጽፈው መልሱ ወዲያው መጣ። የባለቤቷ ዘመድ ያየውም ይህንን ነው፤ እሱ እዚህ ላይ ቆመ። ብዙ ጊዜ ሁላችንም እዚህ ላይ እንቆማለን።

ነገር ግን ከ192.168.1.1 ወደ 8.8.8.8 ስንዞር የለወጥነው አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ነገር ነው። በአንድ በኩል የአቅራቢውን ሪዞልቨር ትተን የጉግልን ይዘናል፤ በሌላ በኩል አላላኪውን ራውተር ከመካከል አውጥተናል። ችግሩ ሲፈታ ከሁለቱ የትኛው እንደ ፈታው ያ ሙከራ ብቻውን አይነግረንም። ሁለቱን ለመለየት አንዱን ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ያም ማለት ራውተሩን ዘልለን የአቅራቢውን ሪዞልቨር በቀጥታ መጠየቅ ነው። በብራውዘሩ ላይ 192.168.1.1 ጽፌ ወደ ራውተሩ ገጽ ገባሁ፤ በቁጥር የሚከፈት ገጽ ስለ ሆነ የስም ብልሽቱ አያግደውም። በመስመሩ ሁኔታ ገጽ ላይ፣ ራውተሩ ሲገናኝ ከአቅራቢው የተቀበላቸው ሁለት የዲኤንኤስ አድራሻዎች ተጽፈው ነበር። የመጀመሪያውን ገልብጬ `nslookup example.com` ከሚለው ኋላ ጨመርኩት። መልሱ ዓይን ሳይጨፈን መጣ። ሁለተኛውም እንዲሁ።

ስለዚህ የአቅራቢው ዲኤንኤስ አልሞተም ነበር። የሞተው በራውተሩ ውስጥ ጥያቄ የማስተላለፉን ሥራ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ራውተሩ ዋይፋይ ያድላል፣ ዳታ ያሳልፋል፣ ለፒንግ ይመልሳል፣ በ53 ቁጥር በር ላይ ለሚመጣ የስም ጥያቄ ግን ማንም የለም። ነቅሎ መሰካት የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ከዚያም ሱቁ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ለሰዓታት ሲጠይቁት ይቆዩና እንደገና ይደነዝዛል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት ሄዶ በመጣባቸው ቀናት ችግሩ እምብዛም አልታየም ነበር፤ ባለቤቷ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች «መብራት ሲሄድ ነው የሚሻለን» አለች። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛ መረጃ ነበር፤ ያለ ማንም ትእዛዝ ራውተሩን የሚያስነሣው የመብራቱ መቋረጥ ነበር።

ብልሽቱ ከጀመረ በኋላም የተከፈቱ ገጾች ለጥቂት ጊዜ መሥራታቸው ምርመራውን የሚያደናግር ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ ያገኘውን የስም መልስ ከመልሱ ጋር የመጣው የቆይታ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ስለሚያስቀምጠው፣ ቀደም ሲል የተጎበኘ ድረ ገጽ ሲከፈት አዲሱ እምቢ ይላል፤ ሰዉም «እገሌ ድረ ገጽ ብቻ ነው የተበላሸው» ብሎ ያስባል። በሙከራ ጊዜ እንዲህ ያለውን የቆየ መልስ ለማጽዳት `ipconfig /flushdns` ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ክሮም ደግሞ የራሱ ክምችት ስላለው ዘግቶ መክፈት ይሻላል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ ኮምፒዩተሮቹን ወደ የትኛው ሪዞልቨር እናዙራቸው የሚለው ነበር። ባለቤቷ «በቃ ለሁሉም የጉግልን አድርግልኝ ወንድሜ፣ እሱ ፈጣን ነው» አለችኝ። እንለካው አልኳት፤ በፓወርሼል መስኮት እያንዳንዱን ሪዞልቨር አምስት አምስት ጊዜ ጠየቅሁ፦

```
Measure-Command { Resolve-DnsName example.com -Server 8.8.8.8 -DnsOnly }
```

የመጀመሪያው ውጤት ትእዛዙ ራሱ ሲነሣ የሚፈጀውን ጊዜ ስለሚጨምር ጥለነው የቀሩትን አራቱን ወሰድን። የአቅራቢው ሪዞልቨር በሃያ ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ሲመልስ፣ 8.8.8.8 እና የክላውድፍሌሩ 1.1.1.1 ከዚያ አራት እጥፍ ገደማ ፈጁ። የሚያስደንቅ አይደለም፤ የአቅራቢው ሪዞልቨር እዚሁ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ሲሆን፣ ያን ዕለት ጥያቄያችን የደረሰባቸው የሌሎቹ ማሽኖች ግን ከዚያ ርቀው ነበር። ልዩነቱ ግን ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ስለማይበልጥ ሰው አይሰማውም፤ የሚሰማም ቢሆን አዲስ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ፋይል የሚወርድበትን ፍጥነት ሪዞልቨር መቀየር አያሳድገውም፤ ስሙ ከተፈታ በኋላ ዳታው የሚያልፈው በዚያው የተገዛ መስመር ነው። ሱቁ ውስጥ «ዲኤንኤስ ቀይረን ኢንተርኔቱ በረረ» ይባል የነበረው፣ በደነዘዘ ራውተር ምክንያት በየገጹ ይባክኑ የነበሩት ሰከንዶች ስለ ቀሩ ነው።

ሪዞልቨር መቀየር በእውነት የሚለውጣቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። አንዱ፣ ቪዲዮና የፕሮግራም ማሻሻያ የመሳሰሉ ከባድ ፋይሎችን የሚያድሉ ድርጅቶች ለተጠቃሚው የሚቀርበውን ሰርቨር የሚመርጡት አንዳንድ ጊዜ የስም ጥያቄው ከየት እንደ መጣ አይተው መሆኑ ነው፤ ጠያቂው ሪዞልቨር ሩቅ ከሆነ ሩቅ ሰርቨር ሊታደል ይችላል። ጉግል ይህን ለማቃለል የጠያቂውን አድራሻ በከፊል ለሚፈልጉት ያስተላልፋል፤ ክላውድፍሌር በ1.1.1.1 ላይ ለግላዊነት ሲል አያስተላልፍም። ሌላው፣ በሱቁ የሚከፈቱትን የድረ ገጾች ስም ዝርዝር ማን ያየዋል የሚለው ነው። ሪዞልቨሩ ስሞቹን ሁሉ ያያል፤ ስለዚህ 8.8.8.8 ስናደርግ ዝርዝሩ ወደ ጉግል ሄደ ማለት እንጂ ተደበቀ ማለት አይደለም፤ ያለ ምስጢራዊ መስመር ከተላከ ደግሞ በመንገዱ ያለው አቅራቢም ያነበዋል። ለፎቶ ኮፒ ቤት ይህ ያን ያህል አሳሳቢ አልነበረም፤ ለሌላ ሰው ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ይኼኛው ሊያስጨንቀው ይገባል ባይ ነኝ።

የወሰንነው የአቅራቢውን ሪዞልቨር አንደኛ፣ 8.8.8.8ን ሁለተኛ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የተጨመረበት ምክንያት አለው፤ አድራሻው በእጅ ሲጻፍ አቅራቢው ነገ አድራሻ ቢለውጥ ማንም አያስታውሰውምና። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ የመጀመሪያውን ጠይቆ አንድ ሰከንድ ያህል ዝም ካለው ወደ ሁለተኛው ስለሚሄድ፣ አንደኛው ቢሞት ሱቁ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። እዚህ ላይ የማስጠነቅቀው፣ ከሁለቱ በአንዱ ቦታ 192.168.1.1ን መልሶ ማስገባትን ነው፤ ያ የታመመውን አላላኪ በጓሮ በር መመለስ ነው።

አድራሻዎቹን በየኮምፒዩተሩ አልጻፍንም። የጻፍነው በራውተሩ የዲኤችሲፒ ገጽ ላይ፣ ማለትም ራውተሩ ለሚገናኙት ማሽኖች አድራሻ በሚያድልበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ማሽን ሲገናኝ «ስም የምትጠይቀው እኔን ሳይሆን እነዚህን ነው» ይለዋል። በኮምፒዩተሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ዲኤንኤስ ላፕቶፑ ከሱቁ ሲወጣ ችግር ያመጣል፤ በሆቴል ዋይፋይ የመግቢያው ገጽ ላይመጣ ይችላል፣ የራሱ የውስጥ ስሞች ባሉት መሥሪያ ቤት ደግሞ የውስጡ ሰርቨር አይገኝም። የባለቤቷ ዘመድ ያስገባውንም 8.8.8.8 በዚሁ ምክንያት አንሥተን ኮምፒዩተሩን ወደ አውቶማቲክ መለስነው። አንድ ማሽን ቀድሞ የተቀበለውን አድራሻ የውል ጊዜው እስኪያልቅ ስለሚይዘው፣ በሦስቱም ላይ `ipconfig /renew` ጻፍኩ።

ሁለቱ ወዲያው ሠሩ። ሦስተኛው፣ ላፕቶፑ፣ ግን ገጾችን እየተንቀራፈፈ ነበር የሚከፍተው፤ እኔም ለጥቂት ደቂቃ ግራ ገባኝ። `ipconfig /all` ብዬ ስመለከት በዲኤንኤስ ዝርዝሩ አናት ላይ `fe80::1` የሚል አድራሻ ተቀምጧል፤ አዲሶቹ ከሱ በታች ናቸው። ራውተሩ በአሮጌው የአድራሻ ሥርዓት አዲሶቹን እያደለ፣ በአዲሱ፣ በአይፒ ቪ6 በኩል ግን አሁንም ራሱን እንደ ዲኤንኤስ ሰርቨር ያስተዋውቅ ነበር፤ ላፕቶፑም አስቀድሞ የሚጠይቀው ያንኑ የደነዘዘ አላላኪ ነበር። በራውተሩ የአይፒ ቪ6 ገጽ ላይ ይህን ማስታወቂያ አጠፋሁት፤ ላፕቶፑን ከዋይፋይ አላቅቄ መልሼ ሳገናኘው `fe80::1` ጠፋ፣ ድረ ገጾቹም ወዲያው ይከፈቱ ጀመር። ዲኤንኤስ ቀይረው «ምንም አልተለወጠም» ለሚሉ ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህችን መስመር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀት ላስጠርዝ ተመልሼ ሄድኩ። ረዳቱ ፎርም እየሞላ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሞደሙን አልነካሁትም አለኝ። ከጎኑ ባለው ኮምፒዩተር ላይ `nslookup example.com 192.168.1.1` ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ `timed-out`። ረዳቱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ስክሪኑን አየና «እንዴ ጋሼ፣ ሞቷል እኮ» አለ፤ ከኋላው ፕሪንተሩ የፓስፖርት ማመልከቻ እያተመ ነበር።